የተቆለፈ ቤት በሕልም፦ የተዘጋው ከውጭ ነው ከውስጥ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አጭር ልቦለድ ጽፌ አያይዤልዎታለሁ። ባንቺአየሁ የምትባል ልጅ ነች። ባሕር ዳር ሞባይል መሸጫ ትሠራለች፤ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ያለ የተቆለፈ ቤት በሕልሟ እየደጋገመ ይመጣባታል። ታሪኩ ውስጥ ሕልሙ አምስት ጊዜ አለ። ያነበቡልኝ ሁሉ መሐል ላይ ሰለቸን፣ መጨረሻውም አልገባንም አሉኝ። የሕልሙን ፍቺ ዘርዘር አድርጌ ብጨምር ይሻላል? ሕልም ከሆነስ እንዳሻኝ ብጽፈው ምን ችግር አለው?»

ምላሽ፦ ፍቺውን አትጨምሪ። እንዲያውም ያለውንም አውጪው። አንባቢዎችሽ የሰለቹት ሕልሙ ስላልተፈታላቸው አይደለም፤ አምስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። መጨረሻው ያልገባቸው ደግሞ ቤቱን ማን እንደቆለፈው አንቺ ራስሽ ስላልወሰንሽ ነው። ሁለቱም ይስተካከላሉ። ጥሩ ታሪክ አለሽ፣ ግን ሕልሙ ሥር ተቀብሯል።

ከቁልፉ ልጀምር። ሁለተኛው ገጽ ላይ «በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል» ትያለሽ። አራተኛው ገጽ ላይ ባንቺአየሁ በሩን ስትገፋው «ከውስጥ መወርወሪያው ሲገባ ሰማች» ይላል። ሌላው ቦታ ሁሉ «ተቆልፏል» ብቻ ነው። ሕልም ስለሆነ ለውጥ የለውም ብለሽ ይሆናል፣ ግን አለው። ገጠር ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ሳያስበው ያነበዋል። ጓጉንቸር የሚንጠለጠለው ከውጭ ነው። ጓጉንቸር ያለበት ቤት ውስጥ ሰው የለም፤ የቆለፈው ሰው ሄዷል፣ ቁልፉም የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ አለ። መወርወሪያ ግን ከውስጥ ነው የሚገባው። መወርወሪያ የገባበት ቤት ውስጥ ሰው አለ። ስታንኳኪ ይሰማሻል፣ ግን አይከፍትልሽም። ቁልፍ ብትፈልጊም አታገኚም፣ መጀመሪያውኑ ቁልፍ የለውምና።

ስለዚህ አሁን ያለው ጽሑፍሽ ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን ነው የያዘው። አንደኛው ጥላ የሄደች ልጅ ታሪክ ነው። ሁለተኛው አትገቢም የተባለች፣ ከቤቷ የተገፋች ልጅ ታሪክ ነው። አንዷ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ትፈራለች፣ ሌላዋ ተቀይማለች። አንባቢ በአንዱ ገጽ ለአንዷ ሲያዝን በሚቀጥለው ገጽ ሌላዋ ትመጣበታለች። «አልገባንም» ያሉሽ ለዚህ ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ከውጭ ጓጉንቸር፣ ከውስጥ ደግሞ ድምፅ። ያ ማለት አንድ ሰው ሌላውን ቆልፎበት ሄዷል ማለት ነው። በጣም የሚያስፈራ ነገር ነው። በስድስት ገጽ ታሪክ ውስጥ ግን ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል፣ ለዚህኛው አልመክርሽም።

እኔ የምልሽ ጓጉንቸሩን ያዢ፣ መወርወሪያውን ተዪው። ምክንያቴ ያንቺው የመጀመሪያ ገጽ ነው። ባንቺአየሁ ለባጃጅ የሚከፈል ሳንቲም ስትፈልግ ቦርሳዋ ውስጥ «ሳንቲሙም፣ የከንፈር ቅባቱም፣ ያ ቁልፍም ተደባልቀው» ይወጣሉ። ያ ቁልፍ የምን ቁልፍ ነው? ጽፈሽው ረስተሽዋል። ከዚያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ወንድሟ ደውሎ «ክረምት ሳይገባ ጣራውን ላሳየው፣ ቁልፉን ላኪልኝ» ይላታል። እሷ «እፈልገዋለሁ» ትለዋለች። ይህንንም ረስተሽዋል! ታሪኩ እኮ እዚህ ነው ያለው። ልጅቱ ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ እፈልገዋለሁ ብላ ትዋሻለች። እናቷ ሞታለች፣ ከተዝካሩ በኋላ መጨረሻ የወጣችው እሷ ነች፣ በሩንም የቆለፈችው እሷ ነች። ቁልፉን ከላከች ቤቱ ይከፈታል፣ ዕቃው ይወጣል፣ ሌላ ሰው ይገባበታል። አልልክም ብላም አትናገርም። ዝም ብላ ይዛው ትዞራለች። ሌሊት ሌሊት የሚመጣባት ይህ ነው፣ ግን ይህን ለአንባቢ በቃል መንገር የለብሽም። ቁልፉን ካየና ስልኩን ከሰማ ይበቃዋል።

አንድ ቀዳዳ ግን ድፈኚ። ማንም አንባቢ «ወንድምየው ለምን አይሰብረውም?» ብሎ ይጠይቃል። ጓጉንቸር በመዶሻ ይሰበራል፣ ካልሆነም ማጠፊያው ከነሚስማሩ ይነቀላል። ስለዚህ እሱ ራሱ ይጠይቃት፦ «ልስበረው ወይስ ትልኪዋለሽ?» እሷ «ቆይ፣ አትስበር» ትበለው። አሁን ጉዳዩ የዕቃ መሆኑ ቀረ። እሱ መስበር እየቻለ እሷን እየጠበቀ ነው፣ እሷም ይህን ታውቃለች።

ወደ ሕልሙ እንምጣ። ተደጋጋሚ ሕልም ማለት አንድ ሕልም እንደ ቪዲዮ ደጋግሞ መጫወት አይደለም። ሰዎች «ያው ሕልሜ መጣ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ጉዳዩና ስሜቱ ነው። ቦታው ይለዋወጣል፣ ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፣ ቀን ላይ ያዩትና የሰሙት ነገር እየገባ ይቀላቀልበታል። አንቺ ግን ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሕልም በአንድ ዓይነት ቃላት ነው የጻፍሻቸው፤ «ያው ቤት፣ ያው ዝምታ፣ ያው የተቆለፈ በር»። አንባቢ ሁለተኛው ላይ አዲስ ነገር ካላገኘ ሦስተኛውን ዘሎት ያልፋል። ዘሎ ካለፈ ደግሞ መጨረሻ ላይ የምትቀይሪውን ነገር አያየውም። እንዲህ ላለ አጭር ታሪክ ሦስት ሕልም ይበቃል። የመጀመሪያው ሰፋ ይበል፣ ሁለተኛው ይጠር፣ ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ይገለበጥ።

እንዳሻኝ ልጻፈው ላልሽው፣ ሕልሙ ውስጥ ያለውን እንዳሻሽ ጻፊው፣ ቤቱ ቢበርም ግድ የለም። የምትተኛው ልጅ ግን እውነተኛ ሰው ነች፣ እንቅልፏም እውነተኛ እንቅልፍ መሆን አለበት። አራተኛው ሕልም ላይ ባንቺአየሁ ተኝታ ሳለ ተነስታ ትሄዳለች፣ የኪራይ ክፍሏን በር ይዛ ስትታገል ትነቃለች፣ ከዚያም ሕልሙን አንድ በአንድ ትተርከዋለች። ይህ አይሆንም። እንዲህ ታሪክ ያለው፣ ጥርት ያለ ሕልም በብዛት የሚታየው ዓይናችን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ በሚልበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። በዚያ ሰዓት የእጅና የእግር ጡንቻ ስለሚዝል ሰው የሚያልመውን በአካሉ አያደርገውም። በእንቅልፍ ልብ ተነስቶ መሄድ የሚመጣው ከከባዱ እንቅልፍ ነው፣ እሱም በብዛት በሌሊቱ መጀመሪያ። እንዲያ የሚሄድ ሰው ሲቀሰቀስ ግራ ይጋባል እንጂ ረጅም ሕልም አያወራም። ሕልሙን በአካሉ የሚሠራ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ሕመም አለ፤ ይበልጥ የሚታየው ግን በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ ነው። ባንቺአየሁ ላይ ካመጣሽው ታሪኩ የሕመም ታሪክ ይሆንብሻል።

ይልቅ እንቅልፉን ካወቅሽው ይጠቅምሻል። እንቅልፍ በአንድ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይዞራል፣ አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሕልም የሚበዛበት ክፍል ወደ ንጋት ሲጠጋ ይረዝማል። ያየነውን የምናስታውሰው ደግሞ ከመሐሉ ስንነቃ ነው፣ ወዲያው ካልያዝነው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። አሁን ባንቺአየሁን ተመልከቻት። ሱቁ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ እሷ የስልኳን ደወል ለአሥራ ሁለት ሰዓት ትሞላለች። ደወሉ በየቀኑ ሕልሙን ከመሐሉ ይቆርጠዋል። እጇ በሩ ጋ ሊደርስ ሲል ይጮኻል። በዚያ ላይ እሁድ ሱቁ አይከፈትም፣ ደወልም የለም። ስለዚህ ሦስተኛውን ሕልም ለእሁድ አድርጊው። የሚያቋርጣት ስለሌለ በሩ ድረስ ትደርሳለች። ለምን ዛሬ ሕልሙ ቀጠለ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይኖርም፣ አንቺም ማብራራት አይጠበቅብሽም።

ያንቺን ነገር ይዤ ልሞክረው፣ ቃሉን እንዳለ አትውሰጂው፣ መንገዱን እይው። የመጀመሪያው ሕልም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ያን ሌሊት በሕልሟ እናቷ ቤት ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ደጁ ተጠርጓል። እናቷ ገበያ ስትሄድ እንደምታደርገው መጥረጊያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱ ዶሮዎች የሉም። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ገበያ ከሆነችማ ትመጣለች ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ አልንቀሳቀስ አለች። ልታንኳኳ ስትነሳ ስልኩ ጮኸ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ሕልም መሆኑ ተነግሯል። አንቺ አንባቢን እውነት እያስመሰልሽ አንድ ገጽ ሙሉ ታስኬጂውና «ከእንቅልፏ ባነነች» ትያለሽ። አንዴ ያታለልሽው አንባቢ ከዚያ በኋላ እውነተኛውንም ትዕይንት ሕልም ይሆን እያለ ይጠራጠራል። ሕልም መሆኑን እያወቀ ይግባበት፤ ምንም አይቀርበትም።

ከዚህ በኋላ የወንድሟ ስልክ ይምጣ። ጣራው ማፍሰስ እንደጀመረ ይንገራት። ከዚያ ሁለተኛው ሕልም፦

«ሣሩ ደጁን ውጦታል። መጥረጊያው ወድቋል። ጓጉንቸሩ ዝጓል። ውስጥ የሆነ ነገር ጠብ ይላል፣ ትንሽ ይቆይና ደግሞ ጠብ ይላል። አንድ ሰው ዕቃ ቢደቅንለት አለች። ስልኩ ጮኸ።»

አየሽው፣ ቤቱ ያው ነው። ግን ጊዜ አልፎበታል፣ ጠብታውም ከወንድሟ ወሬ ነው የመጣው። አንባቢ ይህን ሲያገናኝ ታሪኩ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው እሁድ ነው፦

«መጥረጊያው ግድግዳው ላይ ነው። ጓጉንቸሩ አዲስ ነው። ስልኩ አይጮኽም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ቁልፉ ከላይ ነው። አስገብታ አዞረችው። ቀጭ አለ። ከኋላዋ ወንድሟ ‹በቃ፣ እንሂድ› አላት። ጓጉንቸሩን ሳብ ሳብ አድርጋ መቆለፉን አየች።»

ልትከፍት ነው ስንል እየቆለፈች ነው። የተዝካሩ ቀን ነው። ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልገውም፣ «ያኔ ገባት» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለመጨመር እጅሽ ይበላሽ ይሆናል። አትጨምሪያት።

አሁን ሕልም ፈቺዋ ጋ የሄደችበትን ትዕይንት አውጪው። ሴትየዋ «ቤቱ ልብሽ ነው፣ ልብሽን ዘግተሻል» ስትላት ታሪኩ እዚያው ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ጓጉንቸሩ ጓጉንቸር መሆኑ ይቀራል። ሕልሟን ለሰው መንገሯን ግን አታውጪው፣ ሰው እኮ እንዲህ ያለ ሕልም አይቶ ዝም አይልም። ለሁለት ሰው ትንገር። አብራት የምትኖረው ልጅ «በጎ ነው በይ፤ ኪራይ ሊጨምሩብን ይሆናል» ትበላት። አከራይዋ እትዬ ደግሞ ከንፈራቸውን መጥጠው «የሞተ ሰው ቤት ደጋግሞ ማየት ደግ አይደለም፣ ጸበል ሂጂ» ይበሏት። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፣ ለልቦለድ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። እያንዳንዱ ሰው በሕልሟ ውስጥ የራሱን ጭንቀት ያነባል፣ አንባቢ ደግሞ ሁለቱንም እየሰማ ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ መሆኑን ያውቃል።

ስለ ከተማው ትንሽ ልበል። «ግርግር የበዛባት ባሕር ዳር» ሦስት ቦታ ብለሻል፣ ግርግሩን ግን አንዴም አላየሁትም። ባጃጁን፣ ቅዳሜ ገበያን፣ ጣናን መደርደር አያስፈልግም። ከተማው ለዚህ ሕልም ምን እንደሚሰጠው ፈልጊ። እትዬ የግቢውን በር ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይቆልፋሉ እንበል፣ ብዙ ተከራይ የሚያውቀው ነገር ነው። ባንቺአየሁ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ አልገጥም ሲላት ታመሻለች። ስትደርስ ተዘግቷል። ቆርቆሮውን ትደበድባለች፣ ውሻ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይነቃል፣ እትዬ እያጉረመረሙ ነጠላቸውን ደርበው ይወጣሉ። ቀን ቀን ደግሞ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ረስቶ የሚመጣውን ደንበኛ ስታስተናግድ ትውላለች። ይህ ሁሉ ሳይነገር ወደ ሕልሙ ይገባል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱንም አታጋንኚ። የግቢው በር ግማሽ ገጽ ይሁን፣ ደንበኛው ሁለት መስመር። ሁሉም ነገር ቁልፍና በር ከሆነ አንባቢ እጅሽን ያየዋል።

ሌላም ነገር፣ ከተማ ውስጥ ሁሉም «ባንቺ» ይላታል፣ ወንድሟ ብቻ ሙሉ ስሟን ይጠራል። ይህን ጽፈሽዋል፣ በጣም ጥሩ ነው፣ እንዳትነኪው።

መጨረሻው ላይ ባንቺአየሁ ትነቃለች፣ በመስኮት ፀሐይ ትገባለች፣ «ልቧ ተከፈተ» ይላል። ይህ መጨረሻ አይደለም። በመንቃት የሚያልቅ ታሪክ ምንም ሳይሆን ያለቀ ታሪክ ነው። ታሪኩ ቀን ላይ ይለቅ፣ እሷም አንድ ነገር ታድርግ። ወደ ፍኖተ ሰላም ትሂድ የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽ ተጠንቀቂ። ከሄደች ጉዞውን፣ ደጁን፣ ወንድሟን፣ የተከፈተውን ቤት ሁሉ መጻፍ ይኖርብሻል፣ ለዚያ ቦታ የለሽም። ደግሞም እውነት ለመናገር ሱቁ ፈቃድ አይሰጣትም፣ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነው የከረመው። ሰዉ በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ዕቃ በመኪና ይልካል። ሰኞ ጠዋት ወደ ሱቅ ከመግባቷ በፊት መናኸሪያ ትሂድ። ቁልፉን በወረቀት ጠቅልላ፣ በፕላስተር አስራ፣ ላዩ ላይ የወንድሟን ስምና ስልክ ጽፋ። ረዳቱ ወረቀቱን በእጁ መዘን መዘን ያደርገዋል። «ምንድን ነው?» ይላታል። «ቁልፍ።» «የምን?» «የቤታችን።» ረዳቱ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፣ «ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም!» እያለ መጣራቱን ይቀጥላል። እዚያ አቁሚው። አለቀሰች፣ ቀለላት፣ ቆጫት አትበዪ። የእናቷን ቤት ለወራት «ቤቱ» ስትል የነበረች ልጅ «የቤታችን» ካለች የሆነው ሆኗል። ለዚህ እንዲመችሽ ከዚያ በፊት ያሉትን ንግግሮቿን ሁሉ ፈልጊና «ቤቱ» ብቻ እንድትል አድርጊ፣ አንድ ቦታ ላይ እንኳ «ቤታችን» ካመለጠሽ ይበላሻል።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ብትሠሪው ይቀልሻል። መጀመሪያ ሕልሞቹን ሁሉ አውጥተሽ የቀኑን ታሪክ ብቻ አንብቢው፦ ቁልፉ፣ ስልኩ፣ የግቢው በር፣ መናኸሪያው። ያለ ሕልም ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካልቆመ ሕልም አያድነውም። ከቆመ በኋላ ሦስቱን ሕልሞች በቦታቸው መልሺ፣ ሦስቱ ተደምረው ከአንድ ገጽ እንዳይበልጡ። ከዚያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፣ ሁለተኛው ሕልም ላይ ራስሽ ከፈጠንሽ አሁንም ረዝሟል ማለት ነው። ርዕሱን «የልቤ ቤት» ብለሽዋል፣ እሱም ፍቺ ነው፣ ቀይሪው። «ጓጉንቸር» ቢባል ይበቃዋል።